ብረቱ ሲጠግብ፦ ሥራ ሳይኖረው የሚግል ትራንስፎርመር

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አዘዞ ነው የምኖረው። እህቴ ከአሜሪካ አምፕሊፋየር ላከችልኝ። ጀርባው ላይ 120V 60Hz ይላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ስቴፕዳውን ገዝቼ አገናኘሁት። ይሠራል፤ ግን ሙዚቃ ሳልከፍት እንኳ እምም ይላል፣ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር እጅ አያስነካም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ይብስበታል። በጀነሬተር ስሞክረውማ ጭራሽ። ባለሱቁ ስቴፕዳውኑ አንሶት ነው፣ ትልቅ ግዛ አለኝ። ልግዛ?»

ሰላም ወንድሜ። አትግዛ። ስቴፕዳውኑ ቢያንስ ኖሮ ሙዚቃው ከፍ ሲል ነበር የሚጨነቀው። ያንተ ግን ምንም ሳይሠራ ነው የሚግለው። ይህ ልዩነት ብቻውን መልሱን ይነግረናል። የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ብረት ጠግቧል። ያጠገበው ደግሞ ሎድ አይደለም፤ በየኸርትዙ የሚደርሰው ቮልት በዝቶበት ነው። ትልቅ ስቴፕዳውን ይህን አይቀንስልህም። እንዲያውም ትልቁ ስቴፕዳውን ቮልቴጁን አጥብቆ ስለሚይዝ ትንሽ ሊያብስብህ ይችላል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የአምፕሊፋየሩን ትራንስፎርመር የመጀመሪያ ጥቅል፣ ማለትም መብራቱ የሚገባበትን ሽቦ፣ በመልቲሜትር ብትለካው ሬዚስታንሱ 2 ኦም አካባቢ ነው የሚሆነው። 120 ቮልት በ2 ኦም ላይ ቢያርፍ 60 አምፔር መሄድ ነበረበት። ሽቦው በቅጽበት ይነድ ነበር። የማይነደው ለምንድን ነው? ከረንቱን የሚይዘው ሬዚስታንሱ ስላልሆነ ነው። ከረንቱን የሚይዘው ብረቱ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለው የማግኔት ፍሰት ነው። ፍሰቱ ሲለዋወጥ በዚያው ሽቦ ላይ ተቃራኒ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ይህ ተቃራኒ ቮልቴጅ ከሚገባው ቮልቴጅ ጋር ሊተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሽቦው ውስጥ የሚገባው ከረንት ኢምንት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የብረቱን ፍሰት የሚወስነው ቮልቴጁ ነው እንጂ ሎዱ አይደለም። ሎድ ስትጨምር ሁለተኛው ጥቅል ላይ የሚሄደው ከረንት ይጨምራል፤ የመጀመሪያውም ያንኑ ያህል ይጨምርና ሁለቱ በብረቱ ላይ ያላቸው ጉልበት ይጣፋል። ብረቱ ሎዱ መኖሩን የሚያውቀው በጥቂቱ ነው፤ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ። ሽቦው ላይ ትንሽ ቮልት ስለሚወርድ ፍሰቱ ትንሽ ይቀንሳል። እስቲ ሙዚቃውን ከፍ አድርገህ ጆሮህን ለሳጥኑ ስጥ። የብረቱ እምምታ ትንሽ ዝቅ ሲል ልትሰማው ትችላለህ።

ቮልቴጅ ፍሰቱን የሚወስነው እንዴት ነው? እንስራ በቧንቧ ስትሞላ አስብ። ቮልቴጁ የቧንቧው ጉልበት ነው። ፍሰቱ እንስራው ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ውኃው የት እንደሚደርስ የሚወስነው የቧንቧው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ለስንት ጊዜ እንደተከፈተም ጭምር ነው። መብራታችን በየግማሽ ዑደቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። በአንዱ ግማሽ ይሞላል፣ በሌላው ይቀዳል። አሜሪካ ውስጥ 60 ኸርትዝ ስለሆነ አንዱ ግማሽ 8.33 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። እኛ ጋ 50 ኸርትዝ ስለሆነ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ቮልቴጁ ያው ሆኖ እንኳ ቧንቧው ለተጨማሪ 1.67 ሚሊ ሰከንድ ክፍት ነው። ውኃው ከወትሮው አልፎ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። የ120 ቮልት ሳይን ሞገድ በግማሽ ዑደቱ ውስጥ ያለው አማካይ 108 ቮልት ነው። 108 ቮልትን በ8.33 ሚሊ ሰከንድ ስታባዛ 0.9 ቮልት-ሰከንድ ታገኛለህ። ብረቱ የተሠራው ለዚህ ነው። አሁን አንተ ጋ 110 ቮልት በ50 ኸርትዝ ገባ። አማካዩ 99 ቮልት ነው፤ በ10 ሚሊ ሰከንድ ሲባዛ 0.99 ይሆናል። ቮልቴጁ ከ120 አንሶ ሳለ ብረቱ ላይ ያረፈው በ10 ከመቶ በለጠ! «እኔ እኮ ከተጻፈው ያነሰ ነው የሰጠሁት» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ነው ቮልቱን ለኸርትዙ አካፍለን የምናየው። 120 ለ60 ሲካፈል 2 ነው። የዚያ ትራንስፎርመር ልክ 2 ቮልት በኸርትዝ ነው ማለት ነው። በእኛ 50 ኸርትዝ ላይ ልኩ 100 ቮልት ይሆናል እንጂ 110 አይደለም፤ 120ማ ጨርሶ።

ብረቱ ከልኩ ሲያልፍ ምን ይሆናል? ላሜራው ሲሊከን የተቀላቀለበት ብረት ነው። ውስጡ እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ማግኔት የሆኑ ክፍሎች አሉ። ከረንት ሲገባ እየዞሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ላይ በጣም ቀላል ነው፤ በጥቂት ከረንት ብዙ ፍሰት ታገኛለህ። እየቆየ የሚሰለፈው ያልቃል። ተራው የትራንስፎርመር ላሜራ ከ1.5 ቴስላ ጀምሮ መክበድ ይጀምረዋል፤ 2 ቴስላ አካባቢ ሲደርስ ሁሉም ተሰልፎ አልቋል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ለተጨማሪው ፍሰት ከአየር ብዙም አይሻልም። ጠገበ የምንለው ይህን ነው።

ቮልቴጁ ግን ብረቱ ጠግቧል ብሎ አይምርም። ሞገዱ ገና አላለቀም፤ ፍሰቱ መጨመር አለበት። ያንን ትንሽ ጭማሪ ለማግኘት ከረንቱ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይወጣል። የሚያቆመው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ግማሽ ዑደቱ አልቆ ቮልቴጁ ይገለበጣል፣ ወይ የሽቦው ሬዚስታንስ ራሱ ቮልቱን ይበላዋል። የሽቦው ሬዚስታንስ በበላው ልክ ደግሞ ሙቀት ይሆናል። እጅህን ያቃጠለህ አንዱ ይህ ነው፤ ሌላው ከመጠን በላይ የተማገነጠው ብረት ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ነው።

ካንተ ጋር የሚቀራረብ ትራንስፎርመር ባለፈው ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ነበር። 150 ቮልት-አምፔር፣ ከ120 ቮልት 60 ኸርትዝ አምፕሊፋየር የወጣ። ሊጠቀለል ስለነበር ፈታሁትና ቆጠርኩት። የመጀመሪያው ጥቅል 240 ዙር ነው፤ የብረቱ መሃል እግር 12.5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
B = V / (4.44 × f × N × A)

120 V, 60 Hz:  B = 1.50 T
110 V, 50 Hz:  B = 1.65 T
122 V, 50 Hz:  B = 1.83 T
```

V ቮልቱ ነው፣ f ኸርትዙ፣ N የዙሩ ብዛት፣ A የብረቱ ስፋት በሜትር ካሬ፣ B ደግሞ በቴስላ የሚለካው የፍሰቱ ጥግግት። ሦስተኛው መስመር ያንተ እኩለ ሌሊት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከመፍታቴ በፊት የሁለተኛውን ጥቅል ሽቦዎች ነቅዬ፣ ያለ ምንም ሎድ፣ ቮልቴጁን በቫሪያክ ቀስ እያልኩ ጨመርኩት። በ100 ቮልት 0.25 አምፔር ወሰደ። በ110 ቮልት 0.7 ሆነ። በ122 ቮልት 2.1 አምፔር! ቮልቱ የጨመረው 22 ከመቶ ነው፤ ከረንቱ ግን ከስምንት እጥፍ በላይ ሆነ። ሙሉ ሎድ ተሸክሞ እንኳ መውሰድ ያለበት 1.25 አምፔር ነበር። ባዶውን ቁጭ ብሎ ከሙሉ ሎዱ በላይ ይጠጣል። ሽቦው ላይ ብቻ የሚባክነው ከ0.13 ዋት ተነስቶ ወደ 9 ዋት ገባ። በዚያ ላይ የብረቱ ሙቀት አለ። በዚያ ላይ ደግሞ አየራችን አለ። የትራንስፎርመር አቅም በፋብሪካ የሚጻፈው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ናት። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም።

አሁን የከረንቱን መልክ ላሳይህ። ብረቱን ማግኔት ለማድረግ ብቻ የሚሄደውን ይህን ከረንት በሙያው ማግኔታይዚንግ ከረንት እንለዋለን። በኦሲሎስኮፕ ካላየኸው ቁጥሩ ብቻ ያታልልሃል።

በ100 ቮልት፣ ማለትም ብረቱ በልኩ ሳለ፣ ከረንቱ ሳይን ሊመስል ይሞክራል ግን አይመስልም። ጫፉ ትንሽ ሾል ይላል። ሲወጣና ሲወርድ ደግሞ መልኩ አንድ አይደለም፤ በአንድ በኩል ሆድ አለው። ሆዱ የመጣው ብረቱ የቀድሞ አቋሙን ቶሎ ስለማይለቅ ነው። ይህ የጤነኛ ትራንስፎርመር መልክ ነው። ማንም ንጹሕ ሳይን እንዳይጠብቅ።

ቮልቱን ስትጨምር ሆዱ ባለበት ይቀራል፤ ጫፉ ግን መርዘም ይጀምራል። 122 ላይ ስደርስ መስኮቱ ላይ የቀረው እሾህ ብቻ ነበር። በየዑደቱ አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች የሚወጣ ቀጭን ረጅም እሾህ፤ በመሃል ሜዳ። ውጤታማው ልክ 2.1 አምፔር ቢሆንም የእሾሁ ጫፍ ከ6 አምፔር ያልፍ ነበር። በሳይን ቢሆን ጫፉ 3 ነበር የሚሆነው።

እሾሁ የት ቦታ እንደሚቆም አስተውል። ቮልቴጁ ጫፉ ላይ ሲደርስ አይደለም። ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው። ይህ መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ግን እንስራውን አስብ፤ ውኃው ከፍ የሚለው ቧንቧው ሊዘጋ ሲል ነው እንጂ በኃይል ሲፈስ አይደለም። ግማሽ ዑደቱ ሙሉ ቮልት-ሰከንዱን አስገብቶ ሲጨርስ ፍሰቱ ጫፍ ይደርሳል። ብረቱ የሚጠግበውም ያኔ ነው።

ይህች ነገር ለጥገና ትጠቅማለች። አምፕሊፋየርህ ውስጥ ዳዮድና ትልልቅ ካፓሲተር አለ። እነሱም ከረንት የሚወስዱት በእሾህ ነው። ስለዚህ ስኮፕ ላይ እሾህ ያየ ሁሉ ብረቱ ጠገበ ማለት የለበትም። የካፓሲተሮቹ እሾህ የሚመጣው ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲሆን ነው፤ የጠገበ ብረት እሾህ ግን ቮልቴጁ ዜሮ ሲያቋርጥ ነው። ሁለቱን ሞገድ ጎን ለጎን ካሳየህ ወዲያው ይለያሉ። ስኮፕ ከመብራት ጋር በቀጥታ አይነካካም፤ ከረንቱን በክላምፕ ፕሮብ፣ ቮልቴጁን በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ነው የምናየው።

ስለ መለኪያም አንድ ቃል። ርካሽ ክላምፕ ሜትር ሞገዱ ሳይን ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። ያንኑ 2.1 አምፔር የሱቅ ክላምፕ ሜትሬ 1.3 ነው አለኝ። ሽፋኑ ላይ True RMS የሚል ካልተጻፈበት በእንዲህ ያለ እሾህ ላይ አትመነው፤ ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚነግርህ።

ድምፁም ከዚሁ የመጣ ነው። ላሜራው በማግኔት ሲሳብና ሲለቀቅ በጣም ጥቂት ይረዝማል፣ ያጥራል። በየዑደቱ ሁለቴ ስለሆነ በ50 ኸርትዝ መብራት 100 ኸርትዝ ድምፅ ትሰማለህ። ይህ ለስለስ ያለው የተለመደው ነው። ብረቱ ሲጠግብ ከ100 በላይ ያሉት ብዜቶቹ ይመጡበትና ድምፁ ይሻክራል፣ ቆርቆሮ የተመታ ይመስላል። ፍሰቱም ብረቱ ውስጥ መዋል አቅቶት ወደ ውጭ ይፈሳል። ሳጥኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ አጠገቡ ያሉትን ቀጫጭን የድምፅ ሽቦዎች ያገኝና በስፒከሩም እምም ይላል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ካፓሲተር ቢቀይር፣ ግራውንድ ቢያስተካክል እምምታው የማይጠፋለት።

እኩለ ሌሊቱን አሁን አንሳ። ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ መብራት ላይ ነው። ጎረቤት ምጣድ ይጥዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል አካባቢ ነው፤ ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል። መስመሩ ላይ ቮልት ይወርዳል፤ ቤትህ 200 ሊደርስ ይችላል። ያኔ አምፕሊፋየርህ 100 ቮልት ነው የሚያገኘው። ልኩ ነው! ዝም ይላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምጣዱ ወጥቷል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ መስመሩ ላይ የሚወርድ ቮልት የለም። እኔ ቤት ሌሊት ላይ 244 ቮልት ለክቻለሁ። የሱ ግማሽ 122 ነው። ለ50 ሲካፈል 2.44፤ ከልኩ 22 ከመቶ በላይ። ሦስተኛዋ መስመር ይህች ናት።

ስለዚህ ራስህ ልታረጋግጥ የምትችልበት መንገድ ይኸው። ምንም ሳትፈታ፣ ለሁለት ቀን ያህል ሶኬትህን በመልቲሜትር እየለካህ ከእምምታው ጋር አስተያይ። ቮልቱ ሲወርድ ዝም፣ ሲወጣ እሪ የሚል ከሆነ ነገሩ ጥጋብ ነው።

ጀነሬተሩ ደግሞ የሳንቲሙ ሌላ ገጽ ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ጀነሬተሮች ብዙዎቹ 50 ኸርትዝ የሚሰጡት ሞተራቸው በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ነው። ጠና ያለ ሎድ ሲያገኛቸው ወይም ካርቡሬተሩ ሲቆሽሽ ወደ 2700 ይወርዳሉ። ያ 45 ኸርትዝ ነው። ቮልቴጁን የሚጠብቅ ኤቪአር ካለው፣ ሞተሩ ቢደክምም ቮልቱን 220 ላይ ይይዘዋል። አንተ ጋ 110 ደረሰ። 110 ለ45 ስታካፍል 2.44 ይሆናል። አየህ? ከእኩለ ሌሊቱ 122 ቮልት ጋር ያው ቁጥር። ለብረቱ ቮልቱ ጨመረ ኸርትዙ ቀነሰ አንድ ነው፤ የሚያውቀው ማካፈሉን ብቻ ነው።

በጥምቀት ሰሞን ከጀነሬተር ጋር ሲሠሩ የከረሙ ማጉያዎች ይመጡልኛል። ባለቤቶቹ «ቮልቱን ለክተናል፣ 220 ነበር» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ 220 ነበር። ኸርትዙን ግን ማንም አልለካውም። አሁን ብዙ መልቲሜትሮች Hz የሚል ቦታ አላቸው። ጀነሬተር ላይ የምትሠራ ከሆነ ሁለቱንም ለካ። ኤቪአር የሌላቸው፣ በካፓሲተር የሚሠሩት ትንንሽ ጀነሬተሮች ሲደክሙ ቮልታቸውም አብሮ ይወርዳል፤ ለብረቱ በዚህ በኩል ይሻላሉ። አንዳንድ ጥሩ ኤቪአሮችም ኸርትዙ ሲወርድ ቮልቱን ሆን ብለው ያወርዱታል፤ የተሠሩት ለዚሁ ነው።

ወደ መፍትሔ ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥርጣሬ እናጥራ። ባዶውን የሚግል ትራንስፎርመር ሁሉ የጠገበ አይደለም። ጥቂት ዙሮቹ እርስ በርስ ተነካክተው ሾርት ከሆኑም ይግላል፣ ይጮኻል። ሁለቱን የሚለየው ዝቅተኛ ቮልት ላይ ያለው ጠባይ ነው። ሎዱን ነቅለህ ቮልቱን ግማሽ አድርግለት። የጠገበው ብረት ወዲያው ጤነኛ ይሆናል፤ ከረንቱ ከሩብ አምፔር በታች ይወርዳል፣ ዝም ይላል። ሾርት የሆነው ግን በግማሽ ቮልትም ከረንቱ ከሞላ ጎደል ግማሽ ሆኖ ይቀጥላል፣ ይግላል። ቫሪያክ የሌለው የሰፈር ጠጋኝ የድሮውን 100 ዋት የክር አምፖል ከስቴፕዳውኑ በፊት በሲሪ ያስገባል። የጠገበው ከሆነ አምፖሉ ቮልቱን ይቀንስለትና ትራንስፎርመሩ ይረጋጋል፤ አምፖሉም ደብዘዝ ይላል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቀረ ሾርት ነው።

ስታበራው ለቅጽበት ዱም ብሎ የሚተወው ድምፅ ሌላ ነው። እሱም ጥጋብ ነው፤ ግን በመነሻው ቅጽበት ብቻ የሚደርስ ነው። ጥቂት ዑደት ውስጥ ይበርዳል። አያስጨንቅህ።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ዓላማው 110ን ወደ 100 ማውረድ ነው። ቀላሉ መንገድ 100 ቮልት የሚያወጣ ስቴፕዳውን ማግኘት ነው፤ ጃፓን ለሚሠሩ ዕቃዎች ተብሎ የሚሸጥ አለ። ካላገኘህ ያለህን አትጣል። 220 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ቢያንስ 2 አምፔር የሚችል፣ ፈልግ። መግቢያውን ከ220ው ጋር አገናኘው፤ የ12 ቮልቱን ጥቅል ደግሞ ከስቴፕዳውኑ መውጫ ጋር በሲሪ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። 110 ሲቀነስ 12፣ 98 ቮልት ይሆናል። አቅጣጫው ከተሳሳተ 122 ይሆናል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ሳትሰካ በፊት መውጫውን ለካ። ከ110 በታች ካላነበበ የ12 ቮልቱን ሁለት ሽቦዎች አቀያይር። ይህ የ220 ሥራ ስለሆነ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ፊውዝ ተደርጎለት ይሠራ፤ ልምዱ ከሌለህ ለኤሌክትሪሺያን ስጠው። የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም።

ሌሊት 244 ሲሆን ይኸው ነገር 109 አካባቢ ያወጣል። ያኔም ትንሽ ከልክ በላይ ነው፤ ግን ከ122 ጋር አይወዳደርም። ከፊቱ ስታቢላይዘር ካስገባህ ሌሊቱም 98 አካባቢ ይሆንልሃል። ስታቢላይዘር ብቻውን ግን አይበቃም፤ 220ውን ይጠብቃል እንጂ ኸርትዙን 60 አያደርገውም። የምታጣው ጉልበት ነው። አምፕሊፋየሩ ከ120 ይልቅ 100 ስለሚያገኝ ከፍተኛ ኃይሉ ወደ 70 ከመቶ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ልዩነቱን ብዙም አትሰማውም።

ትራንስፎርመሩን በ220 ላስጠቅልለው ካልክ ለሚጠቀልለው ሰው ይህችን ንገረው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ የተሳሳትኩባት ናት። 120ን ወደ 220 ለመቀየር ዙሩን በቮልቱ ብቻ አባዛሁት። 240 ዙር የነበረውን 440 አደረግሁት። ሥራው ሲታይ ያማረ ነበር። ደንበኛው በሳምንቱ የተቃጠለ ሽታ እያለው መለሰልኝ። ኸርትዙን ረስቼው ነበር። በ440 ዙር፣ በ220 ቮልት 50 ኸርትዝ፣ ብረቱ ላይ የሚያርፈው 1.8 ቴስላ ነው። ሌሊት 244 ሲገባ 2 ቴስላ ሞላ። ትክክለኛው ስሌት 240 ሲባዛ በ220 ለ120፣ እንደገና ሲባዛ በ60 ለ50 ነው፤ 528 ዙር። የሁለተኛው ጥቅል ዙርም በ1.2 መባዛት አለበት፤ አለበለዚያ መውጫው ከፍ ይልና ካፓሲተሮቹን ያስጨንቃል። ዙሩ ሲበዛ ቦታው ያው ስለሆነ ሽቦው መቅጠን ግድ ነው፤ ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ከ150 ወደ 125 ቮልት-አምፔር ገደማ ይወርዳል። ይህን አውቀህ ተቀበለው።

እስከዚያው ድረስ ሳትጠቀምበት ከሶኬቱ ንቀለው፤ በተለይ ስትተኛ። ፊውዙ እየተቃጠለ ካስቸገረህም በትልቅ አትተካው። ያ ፊውዝ የሚያየው እሾሁን ነው፤ እየነገረህ ያለውም እውነት ነው። ሌሎች የመጡልህን ዕቃዎችም ጀርባቸውን አንብብ። 50/60Hz የሚል ካለበት ብረቱ ለ50 ይበቃል፤ ቮልቱን ብቻ አስተካክል። 100-240V 50/60Hz የሚሉት፣ እንደ ስልክና ላፕቶፕ ቻርጀር ያሉት፣ በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካሉ። ያንተ አምፕሊፋየር ላይ ግን የተጻፈው 60 ብቻ ነው። የ12 ቮልቱን ትራንስፎርመር ስታገኝ፣ ከመስካትህ በፊት የለካኸውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።